ቻናል ብረት ሳይጠመዘዝ እንዲጎብጥ፦ ስለ ሺር ፍሰትና ስለ ሺር ማዕከል ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከታች ያሉት ቁጥሮች በሙሉ የአንድ ቻናል ናቸው፦ ቁመቱ 120 ሚሊሜትር፣ የክንፎቹ ስፋት 60 ሚሊሜትር፣ ውፍረቱ በሁሉም በኩል 4 ሚሊሜትር ነው፤ ልኮቹ የተወሰዱት በብረቱ ውፍረት መካከል ከሚያልፈው መስመር ነው።

የሺር ማዕከል ምንድን ነው?

ቻናል ሦስት ስስ ግድግዳዎች በዩ ቅርጽ የተያያዙበት ብረት ነው። ቋሚውን ግድግዳ ጀርባ፣ ከላይና ከታች ወደ አንድ ወገን የተዘረጉትን ሁለቱን ደግሞ ክንፍ እላቸዋለሁ፤ በክፍል ውስጥ ዌብና ፍላንጅ ሲባሉ የምንሰማቸው ናቸው። ክንፎቹ የተዘረጉበት ወገን ክፍቱ ጎን ነው።

የቻናሉን አንድ ጫፍ ግድግዳ ውስጥ ቀብረን በሌላው ጫፍ ላይ ክብደት ብናንጠለጥል ቢሙ ወይ ዝም ብሎ ይጎብጣል፣ ወይም እየጎበጠ ይጠመዘዛል። ከሁለቱ የትኛው እንደሚሆን የሚወስነው የክብደቱ መጠን አይደለም፤ ክብደቱ የሚያልፍበት መስመር ነው። በቁርጡ ገጽታ ላይ አንድ ነጥብ አለ፤ የጭነቱ መስመር በእርሱ በኩል ካለፈ ቢሙ ይጎብጣል እንጂ አይጠመዘዝም። የሺር ማዕከል የሚባለው ይህ ነጥብ ነው። በቻናል ላይ ነጥቡ የሚገኘው ከጀርባው በስተኋላ፣ ብረት በሌለበት ባዶ ቦታ ነው። ጥያቄዎቹ ሁሉ የሚነሡትም ከዚሁ ነው።

የሺር ፍሰት ከሺር ስትረስ በምን ይለያል?

ሺር ስትረስ የቁርጡን ገጽ ተከትሎ ሊያንሸራትት የሚሞክር፣ በአንድ ካሬ ሚሊሜትር ላይ የሚያርፍ ኃይል ነው። ግድግዳው ስስ ሲሆን ስትረሱ በውፍረቱ ውስጥ ብዙም አይለዋወጥም፤ ስለዚህ በውፍረቱ እናባዛውና በአንድ ሚሊሜትር የግድግዳ ርዝመት ስንት ኒውተን እንደሚያልፍ እንቆጥራለን። የሺር ፍሰት ይህ ነው፤ መለኪያውም ኒውተን በሚሊሜትር ነው።

ፍሰት መባሉ ያለ ምክንያት አይደለም። እንደ ቦይ ውኃ ግድግዳውን ተከትሎ ይሄዳል፤ ግድግዳው ሲታጠፍ አብሮ ይታጠፋል። ማዕዘን ላይ ሲደርስም ከክንፉ የወጣው መጠን ሳይጎድልና ሳይጨምር ወደ ጀርባው ይገባል። ክንፉ ባለቀበት ጫፍ ላይ ግን ፍሰቱ ዜሮ ነው፤ ከዚያ ወዲያ የሚያቀብለውም የሚቀበለውም የለም። ስሌቱን ሁልጊዜ ከነጻው ጫፍ የምንጀምረው ለዚህ ነው።

ጭነቱ ወደ ታች ብቻ ሆኖ ሳለ በክንፎቹ ውስጥ ወደ ጎን የሚሄድ ኃይል ከየት መጣ?

ከሁሉ በላይ የሚጠየቀው ይህ ነው፤ ቀመሩን በቃላቸው የሚያውቁ ሰዎች ጭምር ይጠይቁታል። መልሱን በዓይን ለማየት ከላይኛው ክንፍ ላይ ትንሽ ቁራጭ በሐሳብ ቆርጠን እናውጣ። የቻናሉ ጫፍ 2000 ኒውተን ተሸክሟል እንበል፤ 200 ኪሎ ገደማ ነው። ቁራጩ በቢሙ ርዝመት አቅጣጫ 10 ሚሊሜትር ነው፤ በስፋት ደግሞ ከነጻው ጫፍ እስከ ጀርባው ያለውን ክንፍ በሙሉ ይይዛል።

ቢሙ ሲጎብጥ የላይኛው ክንፍ ይሳባል፤ ቻናሉ ወደተቀበረበት ግድግዳ በተጠጋን ቁጥር ሞመንቱ ስለሚያድግ መሳቡም ያድጋል። በ10 ሚሊሜትር ውስጥ ሞመንቱ በ20,000 ኒውተን ሚሊሜትር ይጨምራል፤ የክንፉ ስትረስ በ0.52 ሜጋፓስካል ከፍ ይላል ማለት ነው። የክንፉ ስፋት በውፍረቱ ሲባዛ 240 ካሬ ሚሊሜትር ስለሚሆን ቁራጩ በግድግዳው በኩል የሚሳብበት ኃይል ከሌላው ወገን በ125 ኒውተን ይበልጣል። ቁራጩ ግን ከቦታው አልተንቀሳቀሰም። ታዲያ ትርፉን 125 ኒውተን ማን ያዘው? ነጻው ጫፍ አየር ነው፤ ላይና ታችም አየር ነው። የቀረው ከጀርባው ጋር የተያያዘበት 10 ሚሊሜትር ርዝመት ያለው መስመር ብቻ ነው። 125 ለ10 ሲካፈል በሚሊሜትር 12.5 ኒውተን ይሆናል።

በርዝመት አቅጣጫ የተቆረጠው ገጽ ላይ ሺር ካለ፣ ከእርሱ ጋር በቀጥታ በሚገናኘው የቢሙ ቁርጥ ላይም በዚያው መጠን ሺር መኖር አለበት፤ አለዚያ እያንዳንዷ ቅንጣት ትሽከረከር ነበር። በቁርጡ ላይ ያለው ሺር ደግሞ በክንፉ ውስጥ መሄጃው ወደ ጎን ብቻ ነው። ስለዚህ ወደ ጎን የሚሄደው ኃይል ከውጭ የተጫነ አይደለም፤ ከመጉበጥ ጋር አብሮ የሚወለድ ነው።

የሺር ማዕከሉን ቦታ በቁጥር እንዴት አገኛለሁ?

መነሻው ይህ የታወቀ ቀመር ነው፦

```
q = V·Q / I
```

V የሺር ኃይሉ ነው፤ I የቁርጡ ኢነርሺያ ነው፤ Q ደግሞ ከነጻው ጫፍ እስከምንቆምበት ነጥብ ያለው ብረት በካሬ ሚሊሜትር የሚለካው ስፋቱ ከገለልተኛው መስመር፣ ማለትም ከማይሳበውና ከማይጨመቀው የመካከል መስመር፣ ባለው ርቀት ሲባዛ የሚገኘው ነው። የእኛ ቻናል I 2,304,000 ሚሊሜትር አራት ነው። በክንፉ ውስጥ ስንጓዝ Q በእኩል እርምጃ ያድጋል፤ ምክንያቱም ክንፉ በሙሉ ከመካከሉ 60 ሚሊሜትር ይርቃል። ማዕዘኑ ላይ ስንደርስ 4 × 60 × 60 = 14,400 ይሆናል፤ ፍሰቱም 12.5 ኒውተን በሚሊሜትር ነው፤ ከላይ በቁራጩ ያገኘነው ቁጥር። በጀርባው ውስጥ ፍሰቱ እንደ ቀስት እየጎበጠ ያድግና መካከል ላይ 18.75 ይደርሳል፤ ከዚያ ወደ 12.5 ተመልሶ በታችኛው ክንፍ በኩል ወደ ዜሮ ይወርዳል።

አሁን ፍሰቶቹን ወደ ኃይል እንለውጥ። በክንፉ ውስጥ ፍሰቱ ሦስት ማዕዘን ስለሆነ የ12.5 ግማሽ በ60 ሲባዛ 375 ኒውተን ይሰጣል። ጀርባው ውስጥ ያለው ድምር 1500 እና 500 ሆኖ 2000 ኒውተን ነው፤ ከጭነቱ ጋር እኩል መሆኑ ስሌቱ እንዳልተሳሳተ ይነግረናል። እንግዲህ የላይኛው ክንፍ 375 ኒውተን ወደ ጀርባው ይዞ ይመጣል፣ የታችኛው ክንፍ 375 ኒውተን ከጀርባው ይዞ ይሄዳል። ሁለቱ እኩልና ተቃራኒ ናቸው፤ ስለዚህ ወደ ጎን የሚቀር ኃይል የለም። በመካከላቸው ግን 120 ሚሊሜትር ስላለ 45,000 ኒውተን ሚሊሜትር የሚያህል የመጠምዘዝ ሞመንት ይፈጥራሉ።

የጀርባው 2000 ኒውተንና ይህ ሞመንት አንድ ላይ ሲታዩ ወደ ጎን ፈቀቅ ካለ አንድ 2000 ኒውተን ጋር እኩል ናቸው። ምን ያህል ፈቀቅ ያለ? 45,000 ለ2000 ሲካፈል 22.5 ሚሊሜትር። ጭነታችን በዚህ መስመር ላይ ካረፈ ውጩና ውስጡ በትክክል ይገናኛሉ፤ ለጥምዘዛ የሚተርፍ ነገር አይኖርም። ይህንኑ በፊደላት ብንሠራው ውፍረቱም ጭነቱም ተሰርዘው ይህ ይቀራል፦

```
e = 3b² / (h + 6b)
```

b የክንፉ ስፋት፣ h ቁመቱ ነው። ለእኛ ቻናል 10,800 ለ480 ይካፈላል፤ 22.5 ነው።

ማዕከሉ በጀርባው በኩል ነው ወይስ በክፍቱ ጎን?

በጀርባው በኩል፣ ከብረቱ ውጭ። በፈተና ወረቀት ላይ ከምናየው ስሕተት አብዛኛው ይህን ማገላበጥ ነው። የሺር ፍሰቱን አቅጣጫ በቀስት ሥሎ መፈተሽ ይበጃል። ክፍቱ ጎን በቀኝ ሲሆንና ጭነቱ ወደ ታች ሲሄድ፣ ቀስቱ በላይኛው ክንፍ ወደ ግራ፣ በጀርባው ወደ ታች፣ በታችኛው ክንፍ ወደ ቀኝ ይሄዳል። የሁለቱ ክንፎች ጥንድ ከሰዓት አቆጣጠር በተቃራኒ ይሽከረከራል፤ ወደ ታች የሚሄድ አንድ ኃይል ይህንኑ መዞር እንዲፈጥር ከጀርባው በስተግራ መቀመጥ አለበት።

ሌላው ስሕተት መለኪያው ከየት እንደሚጀምር መርሳት ነው። 22.5 የሚቆጠረው ከጀርባው ውፍረት መካከል ነው። በሜትር ከብረቱ የውጭ ገጽ ላይ የሚለካ ሰው 20.5 ማለት አለበት።

ጭነቱ በሴንትሮይዱ ላይ ቢያርፍስ? የስበት ማዕከሉ ትክክለኛው ቦታ አይደለም?

አይደለም። ብዙዎች ሁለቱን ነጥቦች አንድ አድርገው የሚያስቡት ሁለት ወገን በተመሳሰለ ቁርጥ፣ ለምሳሌ በአይ ቅርጽ ብረት ላይ፣ በእርግጥ አንድ ስለሆኑ ነው። በእኛ ቻናል ግን ሴንትሮይዱ ከጀርባው ወደ ክፍቱ ጎን 15 ሚሊሜትር ገባ ብሎ ይገኛል፤ የሺር ማዕከሉ ደግሞ በተቃራኒው ወገን 22.5 ሚሊሜትር ወጣ ብሎ። በመካከላቸው 37.5 ሚሊሜትር አለ። የብረቱ የራሱ ክብደት እንኳ በሴንትሮይዱ በኩል ስለሚያልፍ፣ ምንም ያልተጫነ ቻናል በጥቂቱም ቢሆን ራሱን ይጠመዝዛል።

መጠኑን ለማየት አንድ ሜትር ርዝመት ያለውን ቻናል በአንድ ጫፉ ግድግዳ ውስጥ እንቅበርና 2000 ኒውተኑን ከጀርባው ጋር አሰልፈን እናንጠልጥል፤ በሥራ ቦታ ከሁሉም የተለመደው አሰቃቀል ይህ ነው። የመጠምዘዙ ሞመንት 45 ኒውተን ሜትር ነው፤ በሴንትሮይዱ ላይ ቢሆን ኖሮ 75 ይደርስ ነበር። ጫፉ በመጉበጥ ብቻ 1.4 ሚሊሜትር ይወርዳል። በጥምዘዛው ግን ቁርጡ ወደ ሁለት ዲግሪ ተኩል ይዞራል፤ የክንፉ ነጻ ጫፍ ከጀርባው በ2.6 ሚሊሜትር ዝቅ ብሎ ይታያል። ከመጉበጡ ይልቅ ጥምዘዛው ይበልጣል ማለት ነው። ይህም ግድግዳው ጋ ያለው ጫፍ ክንፎቹ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እንዳይንሸራተቱ አጥብቆ ሲይዝ ነው፤ ባይዝ ኖሮ መዞሩ ከስድስት ዲግሪ በላይ ይሆን ነበር።

ስትረሱም እንደዚያው ነው። ጭነቱ በሺር ማዕከሉ ቢያልፍ ግድግዳው ጋ የላይኛው ክንፍ በሙሉ በ52 ሜጋፓስካል ይሳባል። ጭነቱ ወደ ጀርባው ሲመጣ ግን ክንፉ ወደ ጎን ጭምር ይጎብጣል፤ ማዕዘኑ ላይ ያለው ስትረስ ወደ 93 ያሻቅባል፣ ነጻው ጫፍ ደግሞ መሳቡ ቀርቶ በትንሹ ይጨመቃል። ክብደቱ አልተለወጠም፤ የተለወጠው 22.5 ሚሊሜትር ብቻ ነው።

ይህን በቤቴ ማየት እችላለሁ?

ይቻላል። ለኤሌክትሪክ ሽቦ መሸፈኛ የሚሸጠውን አራት ማዕዘን የፕላስቲክ ቦይ ክዳኑን አንሥተው ግማሽ ሜትር ያህል ይቁረጡ፤ ሦስት ግድግዳ ያለው ስስ ቻናል አገኙ። አንዱን ጫፍ ውስጡን በተመጣጠነ የእንጨት ቁራጭ ሞልተው ከጠረጴዛ ጋር በማሰሪያ ያጥብቁ፤ ካልሞሉት ማሰሪያው ግድግዳዎቹን ያጣምማቸዋል። በነጻው ጫፍ ላይ ከጀርባው በስተኋላም ከክፍቱ ጎንም ወጣ የሚል ቀጭን ማስመሪያ በአግድም ያጣብቁ፤ ጫፉም ቅርጹን እንዳይለቅ በካርቶን ይድፈኑት።

ከዚያ ውኃ የያዘ ትንሽ ፕላስቲክ ጠርሙስ በክር አንጠልጥለው በማስመሪያው ላይ ወዲያና ወዲህ ያንሸራትቱት። ክፍቱ ጎን ላይ ሲሆን ማስመሪያው ወደዚያ ያዘነብላል፤ በጀርባው ትክክልም ሲሆን ገና ያዘነብላል። ከጀርባው ትንሽ እንደራቀ ማስመሪያው ቀጥ ይላል፤ ከዚያ ካለፈ ደግሞ ወደ ሌላው ወገን ይጋደላል። ቀጥ ያለበትን ነጥብ ምልክት አድርገው ከቀመሩ ጋር ያስተያዩ። እኔ ስሞክረው ከቀመሩ በሁለት ሚሊሜትር ተለይቷል፤ የክዳኑ መያዣ ጥርሶች እንደ ተጨማሪ ግድግዳ እንደሚሠሩ የገባኝ በኋላ ነው።

ይህን ነጥብ መጀመሪያ ያገኘው ማን ነው?

ነገሩ የተጀመረው በፈተና ውጤት ነው። ጀርመናዊው ካርል ባኽ በሽቱትጋርት በ1909 ዓ.ም. እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በቻናል ብረቶች ላይ ባደረገው ሙከራ፣ በአንዱ ክንፍ ላይ ከገለልተኛው መስመር እኩል የሚርቁ ነጥቦች እኩል እንዳልተወጠሩ ለካ። በዘመኑ የነበረው የመጉበጥ ቀመር እኩል መሆን አለባቸው ይል ነበር። ከላይ የጻፍኩት 93 እና በትንሹ የተጨመቀው ጫፍ የዚሁ ነገር ሌላ መልክ ነው።

ምክንያቱን በ1921 ግልጽ አድርጎ ያስረዳው ስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ ሮበርት ማያር ነው፤ በሳልጊናቶበል ሸለቆ ላይ በሠራው የኮንክሪት ድልድይ የሚታወቀው ሰው። ጥፋቱ የቀመሩ ሳይሆን የጭነቱ ቦታ መሆኑን አሳየ፤ ለነጥቡም በጀርመንኛ የሺር ማዕከል የሚል ስም ሰጠው። የሚገርመው፣ ቲዮሪውን ያፈለቀው ኮንክሪት ሲያፈስ የኖረ ሰው መሆኑ ነው።

ብረቱን ወፍራም ባደርገው ወይም ሌላ ዓይነት ብረት ብጠቀም ማዕከሉ ይቀየራል?

ውፍረቱ ዙሪያውን እኩል እስካደገ ድረስ አይቀየርም። ከብረት ወደ አሉሚኒየም መሄድም፣ ቢሙን ማስረዘምም፣ ጭነቱን ማሳደግም ነጥቡን አያንቀሳቅሰውም፤ ነገሩ የቁርጡ ቅርጽ ጉዳይ ነው። ክንፍና ጀርባ የተለያየ ውፍረት ሲኖራቸው ግን ቀመሩ ይህን ይመስላል፦

```
e = 3b²·tf / (h·tw + 6b·tf)
```

tf የክንፉ፣ tw የጀርባው ውፍረት ነው። ክንፉ ሲወፍር ነጥቡ ይርቃል፣ ጀርባው ሲወፍር ይቀርባል። ገደቡ ግን ሊታወቅ ይገባል፦ ቀመሩ ስስ ግድግዳንና ጭነቱ ሲነሣለት ወደ ቅርጹ የሚመለስ ብረትን ይመለከታል። ክንፋቸው ወደ ጫፉ እየሳሳ የሚሄድ በትኩሱ የተዳመጡ ቻናሎች ላይ የፋብሪካውን ሰንጠረዥ መጠቀም ይሻላል።

የክንፉ ጫፍ ወደ ውስጥ የታጠፈ ሲሆንስ? ስሌቴ ጀርባው ከጭነቱ በላይ ይሸከማል አለኝ፤ ተሳሳትኩ?

አልተሳሳቱም። ለጣሪያ የሚሸጠው ሲ ፐርሊን እንዲህ ያለ ከንፈር አለው፤ ፍሰቱም የሚጀምረው ከከንፈሩ ጫፍ ነው። ከላይኛው ከንፈር ተነሥቶ ወደ ክንፉ ለመድረስ ወደ ላይ መውጣት አለበት፤ ስለዚህ በከንፈሮቹ ውስጥ ያለው ኃይል የጭነቱ ተቃራኒ ነው። ጀርባው ጭነቱንም የከንፈሮቹንም ወደ ላይ መግፋት ይሸከማል።

በእኛ ቻናል ላይ 20 ሚሊሜትር ከንፈር ብንጨምር እያንዳንዱ ከንፈር 28 ኒውተን ያህል ወደ ላይ ይይዛል፣ ጀርባው ደግሞ 2055 ኒውተን። ልዩነታቸው ተመልሶ 2000 ነው። የከንፈሮቹ ኃይል ትንሽ ቢመስልም ከጀርባው 60 ሚሊሜትር ስለሚርቅ ከክንፎቹ ጥንድ ጋር በአንድ አቅጣጫ ያዞራል፤ ከንፈሮቹ ደግሞ በክንፎቹ ውስጥ የሚያልፈውን ፍሰት ያሳድጉታል። በዚህ ምክንያት ማዕከሉ ከ22.5 ወደ 31.4 ሚሊሜትር ይርቃል። ከንፈር ለሌለው የተሠራውን አጭር ቀመር ለፐርሊን የሚጠቀም ሰው ከሩብ በላይ የሚሆነውን ርቀት ያጣል።

በጣሪያ ላይ የፐርሊኑ ክፍት ጎን ወደ አናቱ ይዙር ወይስ ወደ ጠርዙ?

ወደ አናቱ፣ ማለትም ወደ ሽቅቡ። ሠራተኞች ይህን በልማድ ያውቁታል፤ ምክንያቱን ሲጠየቁ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጠው መልስ ውኃ ወይም አቧራ እንዳይጠራቀም የሚል ነው። የጥምዘዛው ምክንያት ይህ ነው፦ ፐርሊኑ ከጣሪያው ጋር ያዘነበለ ነው፣ ክብደት ግን በቀጥታ ወደ ምድር ይወርዳል። የቆርቆሮው ጭነት የላይኛውን ክንፍ ጀርባው አጠገብ ይነካና በቀጥታ ሲወርድ፣ ከፐርሊኑ ጎን ሆነን ስናየው ወደ ቁልቁለቱ እየሸሸ ይሄዳል። ክፍቱ ጎን ወደ ላይ ከዞረ የሺር ማዕከሉ የሚገኘው በዚያው በቁልቁለቱ በኩል ነው።

ከንፈር የሌለውን ቻናላችንን በ20 ዲግሪ ጣሪያ ላይ እናስቀምጠው። ከክንፉ እስከ መካከሉ 60 ሚሊሜትር ሲወርድ የጭነቱ መስመር 21.8 ሚሊሜትር ፈቀቅ ይላል፤ ማዕከሉ 22.5 ላይ ነው። ተገናኙ ማለት ይቻላል። ፐርሊኑን ብናገላብጠው ግን በመካከላቸው ከ44 ሚሊሜትር በላይ ይከፈታል። ከዚህ ውጭ የሚሆነው ንፋስ ነው፤ ጣሪያውን ወደ ላይ የሚመጥ ንፋስ ቆርቆሮውን በቀጥታ ወደ ውጭ ስለሚስብ በጣሪያው መዘንበል አይረዳም፤ ለእርሱ ሌላ መያዣ ያስፈልጋል።

በሺር ማዕከሉ ላይ መጫን ካልቻልኩ ምን ላድርግ?

አንደኛው መንገድ ጭነቱን ወደ ነጥቡ ማምጣት ነው፦ ከጀርባው ላይ አጭር የአንግል ወይም የላሜራ ቁራጭ በብየዳ አስወጥቶ ማንጠልጠያውን በላዩ ላይ ማሰር። 20 ሚሊሜትር ወጣ ያለ ቁራጭ ብዙ ሰዎች ከሚያስቡት በላይ ይሠራል። ሁለተኛው ቢሙ እንዳይዞር መከልከል ነው፤ በየመሃሉ ላይኛውንና ታችኛውን ክንፍ ከአጠገቡ ቢም ጋር ማያያዝ። አንዱን ክንፍ ብቻ ማሰር ግን ሌላውን ነጻ ይተወዋል።

ቦታ ካለ ሁለት ቻናሎችን መጠቀም ይቀላል። ጀርባ ለጀርባ ከተገጣጠሙ የአንዱ ጥምዘዛ የሌላውን ያጠፋዋል። ክፍታቸው እየተያየ ክንፎቻቸው ቢበየዱ ደግሞ ዝግ ሳጥን ይሆናሉ፤ ልኩ በግድግዳው መካከል 120 በ120 ነው። የሁለቱ ቻናሎች የመጠምዘዝ ጥንካሬ ተደምሮ 10,240 ሚሊሜትር አራት ሲሆን የሳጥኑ 6,912,000 ነው፤ 675 እጥፍ። ብየዳው ግን ያልተቋረጠ መሆን አለበት። አንድ የማስታወቂያ ሰሌዳ ምሰሶ በየግማሽ ሜትሩ በነጥብ ብቻ ተበይዶ አይቻለሁ፤ ሳጥን ይመስላል፣ ሲጠመዘዝ ግን ሁለቱ ክንፎች እርስ በርስ ሲንሸራተቱ በዓይን ይታያል።

ሶፍትዌሩ የጥምዘዛው ሥዕል ዜሮ ነው ይላል። ታዲያ ችግር የለም ማለት ነው?

ፕሮግራሙ ያልተጠየቀውን አይመልስም። በተለመደው የፍሬም ሞዴል ቢሙ አንድ መስመር ነው፤ መስመሩ በሴንትሮይዱ ያልፋል፣ ጭነቱም በዚያው ላይ ይቀመጣል። ፕሮግራሙ የሺር ማዕከሉን ልዩነት በስሌቱ ካላስገባ ጭነቱ ክንድ የለውም፤ ዜሮ ማለቱ ከራሱ ሞዴል ጋር ይስማማል፣ ከብረቱ ጋር ግን አይስማማም።

መፈተሻው ቀላል ነው። የአንድ ሜትሩን ካንቲሊቨር ይሥሩና ጫፉ ላይ 2000 ኒውተን ይጫኑ። መዞሩ ዜሮ ከሆነ ፕሮግራሙ ጭነቱን ሳይነግርዎት በሺር ማዕከሉ ላይ እንዳለ ቆጥሮታል፤ በሴንትሮይዱ ላይ ለማሳረፍ 75 ኒውተን ሜትር የመጠምዘዝ ሞመንት በእጅዎ መጨመር ይኖርብዎታል። ከጨመሩም በኋላ መዞሩ አሥር ዲግሪ ተኩል ያህል ከመጣ፣ ፕሮግራሙ ግድግዳው ክንፎቹን አጥብቆ መያዙን አላሰላም፤ በእርግጥ የሚሆነው አራት ዲግሪ ገደማ ነው። ያንን በትክክል ለማየት ክንፎቹንና ጀርባውን እንደ ሦስት ሳህኖች በሼል ኤለመንት መሥራት ያስፈልጋል።